ባለ 1 ሊትሩ የእሬት ሻምፖ፦ ከአንድ ወር በኋላ

በ280 ብር ነው የገዛሁት። በሳምንት አንዴ እየታጠብኩበት ወር ሞላኝ። ፀጉሬ ከርዳዳና ደረቅ ነው።

ማጽዳቱን በደንብ ያጸዳል። ቅቤ ተቀብቼ ባደርኩ ማግስት ሁለቴ ስታጠብበት ሙልጭ አድርጎ አስለቀቀልኝ፤ ሽታውም ጠፋ። አረፋው ብዙ ስለሆነ ትንሽ ይበቃል። እስካሁን ከግማሽ በላይ አለው።

ችግሩ ድርቀቱ ነው። ታጥቤ ስጨርስ ፀጉሬ ገመድ ገመድ ይላል። በሁለተኛው ሳምንት ያለ ኮንዲሽነር ላበጥር ብዬ፣ ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉር ሳይ ክው አልኩ! ከዚያ ወዲህ ያለ ኮንዲሽነር አልሞከርኩም። ስለዚህ ዋጋውን ስታስቡ የኮንዲሽነሩንም ደምሩበት። ጀርባውን ሳነብ ከውሃ ቀጥሎ የተጻፈው ሰልፌት ነው፤ ያ ሁሉ አረፋም ድርቀቱም ከሱ ነው። እሬቱ የተጠቀሰው መጨረሻ አካባቢ ነው።

ፎረፎር ያጠፋል ይላል። የእኔ ሁለት ቀን ጋብ ብሎ ተመለሰ። የ6 ዓመት ልጄን ዓይኗን አቃጥሏት አልቅሳለች፤ ለልጆች በፍጹም አልመክርም። ክዳኑም በሦስተኛው ሳምንት ተሰበረ።

ፀጉራችሁ ወዛም ከሆነ ይስማማችኋል ብዬ አስባለሁ። እኔ ድጋሚ እገዛዋለሁ፣ ግን ለቅቤ ማስለቀቂያ ብቻ።