ለማሽን ለርኒንግ ባለሙያ ዕጩዎች የተዘጋጁ የቃለ መጠይቅ ጥያቄዎች፣ ኮምቦልቻ

የተከበሩ ዕጩ፣ ጥያቄዎቹ በሙሉ የሚያጠነጥኑት በከተማችን በሚገኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንከን ያለበትን ጨርቅ ከፎቶግራፍ በሚለይ ሞዴል ላይ ነው።

አንደኛ፣ ሞዴሉ በሠለጠነበት መረጃ 99 በመቶ፣ አይቶት በማያውቀው መረጃ ግን 71 በመቶ ትክክል ቢሆን፣ ችግሩ ኦቨርፊቲንግ መሆኑን በምን ያረጋግጣሉ? ከአንድ የጨርቅ ጥቅል የተነሱ ፎቶግራፎች በሥልጠናውም በመፈተኛውም ክፍል ቢገኙ ውጤቱን ማመን የማይቻለውስ ለምንድን ነው?

ሁለተኛ፣ ከ1,000 ጥቅል 20ው እንከን ቢኖርባቸውና ሞዴሉ ሁሉንም «ደህና» ቢል፣ ትክክለኛነቱ 98 በመቶ፣ ሪኮሉ ግን ዜሮ ነው። ሌላ ሞዴል ከእነዚሁ 1,000 ጥቅሎች 40ውን እንከን አለባቸው ብሎ ለይቶ ከ40ው 16ቱ በእርግጥ እንከን ያለባቸው ቢሆኑ፣ ፕሪሲዥኑንና ሪኮሉን ያስሉ፤ እንከን ያለበት ጨርቅ ደንበኛ እጅ ከመግባቱና ደህናው በከንቱ ከመጣሉ የትኛው ለፋብሪካው እንደሚከፋ አመዛዝነውም ሞዴሉን ሥራ ላይ ያውሉት እንደሆነ ያስረዱ። ከስሌቱ ይበልጥ የምንመለከተው ይህን አመዛዘንዎን ነው።

በመጨረሻም፣ ጨርቅን በእጃቸው ዳስሰው እንከን የሚለዩ አንጋፋ የፈረቃ ኃላፊ «እኔ ደህና ያልኩትን ይህ ማሽን ለምን ጣለው?» ብለው ቢጠይቁዎ፣ አንድም የሙያ ቃል ሳይጠቀሙ፣ ሞዴሉ ሊሳሳት እንደሚችልም ሳይደብቁ ምን ብለው ይመልሱላቸዋል?