ደንቡን እናንተ አውጡ፣ ድንጋዩን እኛ እንሸከም

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። አዝመራው ገብቶ፣ ውርጩም ሳይጎዳን በደኅና ተገናኘን።

ቆሜ እንድናገር ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። እዚህ ጽድ ሥር ከልጅነቴ ጀምሮ ብዙ ጊዜ መጥቻለሁ። ወንበር ላቀርብ፣ ጠላ ልቀዳ፣ አለዚያም አባቴን ልጠራ። ለመናገር ስመጣ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የላኩኝ 23 ወጣቶች ናቸው፤ 9ኙ ሴቶች ናቸው። እዚያ አጥሩ ጥግ ቆመው እየሰሙኝ ነው። የምናገረው የሁላችንንም ነው። አነጋገር ካጠፋሁ ግን ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።

በቅድሚያ ያለብኝን ምስጋና ላድርስ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቢሆንም በአደባባይ ልናገረው ይገባኛል።

አምና ሐምሌ ላይ ከትምህርት ቤቱ በታች ባለው ቦረቦር ዳር ችግኝ ተክለን ነበር። ማንንም አላማከርንም። በጎ ሥራ ስለሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል ብለን አላሰብንም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ከብት ገብቶ ጠራርጎ በላው። እኔም ደሜ ፈልቶ ወጣሁና ከእረኛው ልጅ ጋር ተያያዝኩ። ዱላ አነሳሁ። ክንዱን መታሁት፣ አበጠ። የእሱ ወገኖች ተቆጡ፣ የእኔም ወንድሞች ወጡ። እንዲህ ያለ ነገር ቂም ሆኖ ሲያድር ወዴት እንደሚሄድ ለእናንተ አልነግርም።

እናንተ ግን እንዲያድር አልፈቀዳችሁም። በዚያው ምሽት ሦስት ሽማግሌዎች በዝናብ ወደ ልጁ ቤት ሄዱ። አንደኛው አባት ጉልበታቸውን እያመማቸው በምርኩዝ ነው የሄዱት። ሲመለሱ ጋቢያቸው ጫፉ በጭቃ ከብዶ ነበር። እናቴ ልታጥብላቸው ብትለምናቸው "መጀመሪያ ልጆቹ ይታረቁ" ብለው እንቢ አሉ።

በሦስተኛው ቀን ድንጋይ በአንገቴ ተሸክሜ ለይቅርታ ቀረብኩ። ጎንበስ ብዬ ስለነበር የማየው መሬት መሬቱን ነው። ከፊቴ የልጁ አባት እግር ይታየኛል፤ በረባሶ አድርገዋል፣ ጣታቸው ላይ የደረቀ ጭቃ አለ። ማንም አይናገርም። ከዚያ ድንጋዩ ድንገት ቀለለኝ። ለካስ የልጁ አባት በሁለት እጃቸው አንስተውልኝ ነው። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አሉ። እናንተም መረቃችሁን፣ ከአንድ ትሪ አበላችሁን። የመታሁት ልጅ ዛሬ ከ23ቱ አንዱ ነው። ያውላችሁ፣ ከዳር ሦስተኛው።

ነገሩ ፍርድ ቤት ቢሄድ ኖሮ በቀጠሮ ስንመላለስ ዓመት ይፈጅ ነበር። እኔ ቢፈረድብኝም እሱ ቢፈረድለትም፣ ሁለት ቤት ተኮራርፎ ይቀር ነበር። ስለዚህ በእኔም በእሱም በወላጆቻችንም ስም፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። ችግኙን የበላው ከብት ነው። ግን ከብቱ ለምን ገባ? ልጁ ክፉ ስለሆነ አይደለም። "እዚህ አይገባም" የሚል ደንብ ስላልነበረ ነው። እኛ አጥር ሠራን እንጂ ደንብ አልሠራንም። ብንሠራስ ማን ይሰማናል? የ20 ዓመት ልጅ ተነስቶ "ከብትህን አታስገባ" ቢል ነገር ፈለገ ይባላል። እናንተ ያንኑ ብትሉ ግን ሰው ከብቱን ይመልሳል። በዚህ አገር ቃል የሚያዘው ከእናንተ አፍ ሲወጣ ነው።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። ጓሳ አጠገባችን ነው። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው ያ ምድር እስከ ዛሬ ሣር ለብሶ የቆየው ባጋጣሚ አይደለም። አባቶቻችን በ17ኛው ክፍለ ዘመን የቀሮ ሥርዓት ብለው ደንብ አወጡለት። ሣሩ እስኪያገግም 3 ዓመት፣ አንዳንዴም 5 ዓመት ይዘጋል። ቀኑ ሲደርስ ይከፈታል፤ ሰው ለቤቱ ክዳን፣ ለገመዱ፣ ለከብቱ የሚሆነውን ያጭዳል። ጥሶ የገባ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ጓሳውም ተጎዳ። ደግሞ የተረፈው የአካባቢው ሰው እንደገና ተሰባስቦ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ደንቡን ለጊዜው እንዲስማማ አድርጎ ስለመለሰው ነው። ዛሬ ቀይ ቀበሮውንና ጭላዳውን ሊያይ የውጭ አገር ሰው ሳይቀር ይመጣል። ከእናንተ መካከል ያንን ጊዜ በዓይኑ ያየ አለ። እኛ የምናውቀው ከእናንተ ሰምተን ነው።

እንግዲህ ልመናችን ይህ ነው። ለቦረቦሩ እንደ ጓሳው ያለ ደንብ አውጡልን።

ቦረቦሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ አንደኛ ክፍል ስገባ እዘለው ነበር። ዛሬ ውስጡ ብቆም ጭንቅላቴ አይታይም። አምና ክረምት ከዳር ያለውን የአንዲት እናት የገብስ ማሳ ቆርሶ ወስዷል። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ነው፤ ከተራራው ተራቁቶ ካለው ወገብ። ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ከላይ ነው። አምና ይህን አላወቅንም። ታች ቦረቦሩ ዳር ችግኝ ብንተክል፣ ከብቱ ባይበላው እንኳ ጎርፉ ይወስደው ነበር። የግብርና ባለሙያዋ ቦታው ድረስ መጥታ አሳይታናለች። መጀመሪያ ተራራው ላይ እርከን፤ ቀጥሎ ቦረቦሩ ውስጥ ከላይ ወደ ታች የድንጋይ ክትር። ክትሩ መሐሉ ዝቅ ማለት አለበት፤ ውኃው በመሐል ካልፈሰሰ ዳርና ዳሩን ሰርስሮ ያፈርሰዋል። ደለሉ ሲሞላ ደግሞ ሣርና ትሪ ሉሰርን ይተከልበታል። ትሪ ሉሰርን የእኛን ብርድ ይችላል፤ ቅጠሉም ለበግ መኖ ይሆናል።

ጉልበቱ የእኛ ነው። ድንጋይ እንፈነቅላለን፣ እንሸከማለን፣ እንክባለን። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሰኞ ብንጀምር፣ በሳምንት ሦስት ቀን ብንሠራ፣ የበልግ ዝናብ ሳይመጣ የላይኛውን እንጨርሳለን። ሦስቱን ቀን እናንተ ምረጡልን፤ በዓል እንዳንሽር።

ከእናንተ የምንፈልገው ደግሞ እኛ የሌለንን ነው። አንደኛ ድንበሩን እናንተ አስምሩ። የማን ግጦሽ እስከ የት እንደነበር የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እኛ ብናሰምር ነገ ጠብ ነው። ከዚያ ለስንት ዓመት ይዘጋ፣ ጥሶ የገባ ምን ይቀጣ የሚለውን ወስኑ። ቅጣቱም ለእድሩ ገቢ ይሁን እንጂ ወደ እኛ እጅ አይግባ። እኛም ብንጥስ በዚያው ደንብ ቅጡን፤ እንዲያውም እጥፍ አድርጉብን።

ሣሩንስ ማን ይውሰደው? ይህን ስንመክር አንድ ሙሉ ሌሊት ተከራክረናል። ከብት አይገባም፤ ታጭዶ ነው የሚወጣው። ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ለቀበሌው ሰው ይከፋፈል፤ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያንና ባል የሞተባቸው እናቶች ይቅደሙ። የእነሱን እኛው አጭደን በራቸው ድረስ እናደርሳለን። አንዱን እጅ ለእኛ ፍቀዱልን። በግ አሞክተን ለፋሲካና ለዕንቁጣጣሽ እንሸጥበታለን። የመንዝ በግ ገበያ አያጣም፤ እኛ ያጣነው መኖና መሬት ነው። አባቶቼ፣ አብዛኞቻችን የምናርሰው መሬት የለንም። ከእኛ እኩል የተማሩት ገሚሱ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገብተዋል፣ ገሚሱ አዲስ አበባ ነው፣ አረብ አገር የሄዱም እህቶች አሉን። የቀረነው መሄጃ አጥተን ብቻ አይደለም። እዚህ መኖር ስለምንፈልግ ነው።

አሁን አንድ የከበደኝን ነገር ልናገር። በቁጣ እንዳታዩብኝ።

እናንተ እኛን የምትጠሩን ድንኳን ሲተከል፣ እንጨት ሲፈለጥ፣ አስከሬን ሲያዝ ነው። ይህ ግዴታችን ነው፤ ወደፊትም እንሠራዋለን። ነገር ሲመከር ግን አንጠራም። ውሳኔውን የምንሰማው ካለቀ በኋላ ነው። ሽምግልና እንዴት እንደሚያዝ፣ ምን ቀድሞ ምን ተከትሎ እንደሚጠየቅ፣ መቼ ዝም እንደሚባል ካላየን ከየት እንማረዋለን? ባለፉት ሁለት ዓመታት ብቻ ከዚህ ጽድ ሥር አራት አባቶችን ሸኝተናል። የያዙትን ይዘው ሄዱ።

ስለዚህ ሁለት ወጣቶች፣ አንዷ ሴት ሆና፣ ከእናንተ ኋላ እንዲቀመጡ ፍቀዱ። አይናገሩም። ለቦረቦሩ ደንብ ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ፤ የተባለውን ጽፈው መልሰው ያነቡላችኋል። የሰው ገመና የሚነሳበት ጉዳይ ከሆነ ውጡ ስትሉን እንወጣለን። በእናንተ ፊት የሰማነውን ስልክ ላይ የሚለጥፍ ልጅ ከመካከላችን ከተገኘ ከማኅበራችን ይወጣል። ይህን ሁላችንም ፈርመናል።

የእኛም ጥፋት አለ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ስልክ ላይ አቀርቅረን ሰላምታ ሳንሰጥ የምናልፍ አለን። ደቦ ሲጠራ የምንደበቅም አለን። ይቅርታ እንጠይቃለን። ዘንድሮ ግን የስምንት አረጋውያንን ገብስ በደቦ አጭደን ከምረናል። በዚያ ልትመዝኑን ትችላላችሁ።

ሁሉንም ዛሬ ወስኑልን አልልም። ምከሩበት። ምናልባት መዝጋቱ ለወንዝ ማዶ ሰዎች ይከብድ ይሆናል፤ ከብታቸው የሚወርደው በዚያ ነው። እነሱን ማናገር የምትችሉት እናንተ ናችሁ። የከብት መተላለፊያ ይተው ካላችሁ እንተዋለን። የማይሆን ነገር ካለም አርሙን።

አንድ ነገር ብቻ ዛሬ ብትፈቅዱልን ደስ ይለናል። አምና የተሸከምኩትን ድንጋይ አልጣልኩትም፤ ከቤታችን ደጃፍ ነው ያለው። የመጀመሪያው ክትር ሲሠራ ከታች፣ መሠረቱ ላይ ላስቀምጠው አስቤአለሁ። የልጁ አባት ፈቃዳቸው ከሆነ አንዱን ጫፍ እሳቸው ይያዙልኝ።

ጨርሻለሁ፣ አባቶቼ። እናቶቼ። መርቁንና ልቀመጥ።