የዛሬ ዋጋ፣ አኑዊቲ እና ፐርፔቹዊቲ፦ 10 የምርጫ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው

ለሁለተኛ ዓመት የቢዝነስ ተማሪዎች፣ ባሕር ዳር
ጊዜ፦ 45 ደቂቃ። ነጥብ፦ ከ10። ካልኩሌተር ይፈቀዳል። ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፤ «ካልኩሌተሬ እኮ እሱ ነው» አይሰራም።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ልበል። ያለፈውን ልምምድ ሳርም ማባዛትና ማካፈል ያቃተው ተማሪ አላገኘሁም። የተሳሳታችሁት ጊዜው ላይ ነው። የመጀመሪያው ብር መቼ ነው እጅ የሚገባው? ዛሬ ነው? ከዓመት በኋላ ነው? ወይስ ከአራት ዓመት በኋላ? ይህን ሳትለዩ ካልኩሌተሩን ትነካካላችሁ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥያቄ መጀመሪያ መስመር አስምሩ። ዛሬን 0 በሉት። ብሩን በሚመጣበት ዓመት ወይም ወር ላይ ጻፉት። ቀመሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሌላ ካልተባለ በቀር ወለዱ ዓመታዊና ድርብ ነው። መልሶቹ በቅርብ ወዳለው ሙሉ ብር ተጠጋግተዋል። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ብዬ ነው የመረጥኳቸው፤ የገበያ ዋጋ ናቸው ብላችሁ ቤት ሄዳችሁ እንዳታወሩ።

```
PV = FV / (1 + r)^n
PV = C × [1 − (1 + r)^−n] / r
PV = C / r
PV = C / (r − g)
```

የትኛው ለየትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም።

ጥያቄዎች

1. ከእነዚህ ውስጥ መደበኛ አኑዊቲ የቱ ነው?
ሀ. የባጃጅ ሹፌር ማታ ማታ የሚቆጥረው ገቢ፣ አንድ ቀን 900 አንድ ቀን 400 ብር
ለ. በየዓመቱ በ6 በመቶ እያደገ ያለማቋረጥ የሚከፈል ኪራይ
ሐ. ለ3 ዓመት በየወሩ መጨረሻ የሚከፈል 8,000 ብር የሱቅ ኪራይ
መ. ጀልባ ተሽጦ አንዴ የሚገኝ 500,000 ብር

2. አንዲት ተማሪን አጎቷ «ከ3 ዓመት በኋላ ለሥራ መነሻ 100,000 ብር እሰጥሻለሁ» አላት። ወለዱ 10 በመቶ ነው። አጎቷ ቃሉን እንደሚጠብቅ እንመን። የብሩ የዛሬ ዋጋ ስንት ነው?
ሀ. 70,000 ብር
ለ. 75,131 ብር
ሐ. 76,923 ብር
መ. 133,100 ብር

3. አንድ የጣና አሳ አጥማጅ የደንገል ታንኳውን ትቶ ባለሞተር ጀልባ ሊገዛ አስቧል። ጀልባው ለ5 ዓመት፣ በየዓመቱ መጨረሻ 60,000 ብር የተጣራ ገቢ ያስገባለታል። ከዚያ በኋላ ምንም አያወጣም። ወለዱ 12 በመቶ ከሆነ ለጀልባው ቢበዛ ስንት ቢከፍል ያዋጣዋል?
ሀ. 300,000 ብር
ለ. 242,241 ብር
ሐ. 34,046 ብር
መ. 216,287 ብር

4. ሱቅ ልትከራዩ ነው። ባለቤትየው የዓመቱን ኪራይ በቅድሚያ ነው የሚፈልጉት፦ በየዓመቱ መጀመሪያ 48,000 ብር፣ ለ4 ዓመት፣ የመጀመሪያው ዛሬ። ወለዱ 10 በመቶ ነው። የኪራዩ ሁሉ የዛሬ ዋጋ ስንት ነው?
ሀ. 152,154 ብር
ለ. 192,000 ብር
ሐ. 167,369 ብር
መ. 119,369 ብር

5. የቀድሞ ተማሪዎች ተሰባስበው አንድ የተቸገረ ተማሪ በየዓመቱ 24,000 ብር እንዲያገኝ ፈንድ ሊያቋቁሙ ነው። የመጀመሪያው ክፍያ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፤ ከዚያ ለዘለቄታው ይቀጥላል። ፈንዱ በዓመት 8 በመቶ ያፈራል። ዛሬ ስንት ብር ማስቀመጥ አለባቸው?
ሀ. 300,000 ብር
ለ. 324,000 ብር
ሐ. 1,920 ብር
መ. ክፍያው ማለቂያ ስለሌለው ሊሰላ አይችልም

6. በአንድ የሐይቅ ዳር ምግብ ቤት ድርሻ ገዛችሁ እንበል። የዛሬ ዓመት 36,000 ብር የትርፍ ድርሻ ታገኛላችሁ። ከዚያ በኋላ ክፍያው በየዓመቱ በ5 በመቶ እያደገ ለዘለቄታው ይቀጥላል። ከዚህ ዓይነት ሥራ 14 በመቶ ትፈልጋላችሁ። ድርሻው ዛሬ ስንት ያወጣል?
ሀ. 257,143 ብር
ለ. 420,000 ብር
ሐ. 189,474 ብር
መ. 400,000 ብር

7. ዘጌ ላይ አንድ ገበሬ የቡና ችግኝ ተከለ። የመጀመሪያዎቹን 3 ዓመታት ምንም አያገኝም። ከ4ኛው ዓመት መጨረሻ ጀምሮ፣ ያረጀውን ዛፍ እየተካ፣ በየዓመቱ 40,000 ብር ለዘለቄታው ያገኛል። ወለዱ 10 በመቶ ነው። የገቢው የዛሬ ዋጋ ስንት ነው?
ሀ. 400,000 ብር
ለ. 300,526 ብር
ሐ. 273,205 ብር
መ. 280,000 ብር

8. ባጃጅ ለመግዛት 300,000 ብር ተበደራችሁ። ወለዱ በወር 1.5 በመቶ ሲሆን የሚታሰበው ባልተከፈለው ቀሪ ዕዳ ላይ ነው። ብድሩ በ24 ወር፣ በየወሩ መጨረሻ እኩል እየተከፈለ ያልቃል። ወርሃዊ ክፍያው ስንት ነው?
ሀ. 12,500 ብር
ለ. 17,000 ብር
ሐ. 14,977 ብር
መ. 4,500 ብር

9. ወለዱ ከ8 ወደ 10 በመቶ ወጣ። ሦስቱም በየዓመቱ መጨረሻ 10,000 ብር ይከፍላሉ። በመቶኛ ሲለካ ዋጋው ይበልጥ የሚወርደው የቱ ነው?
ሀ. ፐርፔቹዊቲ
ለ. የ20 ዓመት አኑዊቲ
ሐ. የ5 ዓመት አኑዊቲ
መ. ሁሉም እኩል ይወርዳሉ

10. 12 ሆናችሁ ዕቁብ ገባችሁ። እያንዳንዱ ሰው በወር 5,000 ብር ይጥላል፤ ዕጣ የወጣለት 60,000 ብር ይወስዳል። የመጀመሪያው ዕጣ የሚወጣው ዛሬ ነው፣ ከዚያ በየወሩ። ገንዘብ በወር 1 በመቶ ያፈራል ብንል፣ የመጀመሪያው ባለዕጣ ከመጨረሻው ባለዕጣ በዛሬ ዋጋ በስንት ብር ይበልጣል?
ሀ. 0፤ ሁለቱም 60,000 ነው የወሰዱት
ለ. 6,221 ብር
ሐ. 6,753 ብር
መ. 6,600 ብር

የመልስ ቁልፍ

1 ሐ፣ 2 ለ፣ 3 መ፣ 4 ሐ፣ 5 ሀ፣ 6 መ፣ 7 ለ፣ 8 ሐ፣ 9 ሀ፣ 10 ለ

1. ሐ። ክፍያው እኩል ነው፣ የጊዜው ልዩነት እኩል ነው፣ ማብቂያ አለው፣ የሚከፈለውም በወሩ መጨረሻ ነው። የባጃጁ ገቢ ይዋዥቃል።

2. ለ። 100,000ን ለ1.331 ማካፈል ነው። «ሐ»ን የመረጣችሁ ለ1.30 አካፍላችኋል፤ ያ ነጠላ ወለድ ነው። «መ»ን የመረጣችሁ ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ ሲገባችሁ ወደ ፊት ሄዳችኋል። የዛሬ ዋጋ ከወደፊቱ ብር በልጦ ካገኛችሁት ቆም በሉ።

3. መ። የ5 ዓመት፣ የ12 በመቶ ማባዣ 3.6048 ነው፤ በ60,000 አባዙት። «ሀ» አምስት ጊዜ 60,000ን ዝም ብሎ መደመር ነው፤ ጊዜ ዋጋ የለውም ማለት ነው። ሻጩ 250,000 ቢል አሳ አጥማጁ በታንኳው ቢቀጥል ይሻለዋል።

4. ሐ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። የመጀመሪያው 48,000 ዛሬ ከኪስ ይወጣል፤ ማንም አይቀንሰውም። የቀሩት ሦስት ክፍያዎች በ1ኛው፣ በ2ኛውና በ3ኛው ዓመት ላይ ይቀመጣሉ፤ ዋጋቸው 119,369 ነው። ሁለቱን ስትደምሩ 167,369 ይመጣል። ሌላው መንገድ መደበኛውን አኑዊቲ ማለትም 152,154ን በ1.10 ማባዛት ነው። «መ»ን የመረጣችሁ ዛሬ የሚከፈለውን ረስታችኋል። ባለቤትየው ግን አይረሱም።

5. ሀ። 24,000ን ለ0.08 ማካፈል። 300,000 ብር ባንክ ብታስቀምጡ በዓመት 24,000 ያፈራል፤ ያንን ትሰጣላችሁ፣ ዋናው አይነካም፣ በቃ። «መ» ብዙ ሰው ያታልላል። ክፍያው ባያልቅም የሩቅ ዓመቱ ብር በዛሬ ዋጋ እያነሰ እያነሰ ይሄዳል። በዚሁ ወለድ የ100ኛው ዓመት 24,000 ብር ዛሬ 11 ብር ገደማ ነው። ይህ የመጽሐፍ ቀልድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፦ የእንግሊዝ መንግሥት ኮንሶል የሚባል ማብቂያ የሌለው ቦንድ ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሸጧል፤ የቀረውን ከፍሎ የዘጋው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። «ለ»ን የመረጠ የመጀመሪያውን ክፍያ ዛሬ አድርጎታል።

6. መ። 36,000ን ለ0.09። 36,000 የዛሬ ዓመቱ ክፍያ ነው፤ እንደገና በ1.05 ካባዛችሁት «ለ» ላይ ትወድቃላችሁ። ቀመሩ የሚሠራው ወለዱ ከዕድገቱ ሲበልጥ ብቻ ነው።

7. ለ። መስመር ያላሰመረ ሰው ይህንን አያገኘውም። `C / r` የሚሰጠን ዋጋ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ክፍያ አንድ ጊዜ ቀደም ብሎ ነው የሚቆመው። የመጀመሪያው ክፍያ 4ኛው ዓመት ላይ ስለሆነ 400,000 የ3ኛው ዓመት ዋጋ ነው። ስለዚህ የምንመልሰው 3 ዓመት ነው፤ 400,000 ሲካፈል ለ1.331 ይሆናል። በ4 ዓመት የመለሰ «ሐ»ን ያገኛል። «መ» ከ400,000 ላይ ሦስት ጊዜ 40,000 መቀነስ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ግን የማይገኙት ሦስት ክፍያዎች በዛሬ ዋጋ መቀነስ ነበረባቸው፤ እሱም 99,474 ነው። እንዲያ የሠራ ሰው 300,526 ላይ ይደርሳል።

8. ሐ። ማባዣው 20.0304 ነው፤ 300,000ን ለእሱ አካፍሉ። በመጀመሪያው ወር ከምትከፍሉት 14,977 ውስጥ 4,500ው ወለድ ነው፣ 10,477ቱ ዕዳ ይቀንሳል። በሁለተኛው ወር ዕዳው 289,523 ስለሚሆን ወለዱ ወደ 4,343 ይወርዳል። እንዲህ እያለ ያልቃል።
«ለ»ን ሆን ብዬ ነው ያስገባሁት። 1.5 በመቶን በ24 ወር አባዝታችሁ፣ 36 በመቶ ብላችሁ፣ 108,000 ብር ወለድ ከደመራችሁ 408,000 ይመጣል፤ ለ24 ሲካፈል 17,000። ይህ ፍላት የሚባለው አሠራር ነው። ዕዳው ግማሽ ከደረሰ በኋላም በሙሉው 300,000 ላይ ወለድ ትከፍላላችሁ። እውነተኛው ወለድ በወር 2.6 በመቶ አካባቢ ይሆናል። አበዳሪ «1.5 ብቻ ነው» ሲላችሁ፣ በቀሪው ነው ወይስ በፍላት ብላችሁ ጠይቁ።

9. ሀ። ፐርፔቹዊቲው ከ125,000 ወደ 100,000 ይወርዳል፤ 20 በመቶ። የ20 ዓመቱ 13 በመቶ ገደማ፣ የ5 ዓመቱ 5 በመቶ ገደማ።

10. ለ። ሁለቱም እኩል ስለሚጥሉ መዋጮውን ተዉት፤ የሚለያዩት በሚወስዱበት ቀን ነው። የመጨረሻው ባለዕጣ የሚወስደው ከ11 ወር በኋላ ነው፣ ከ12 አይደለም፤ የመጀመሪያው ዕጣ ዛሬ ነዋ! 60,000 ሲካፈል ለ1.01^11 ወደ 53,779 ይመጣል። ልዩነቱ 6,221። «ሐ» 12 ወር የቆጠረ ነው። «መ» ወለዱን በነጠላ ያሰበ ነው። ቸኩሎ የመጀመሪያውን ባለዕጣ ቦታ የሚለምን የመጨረሻ ባለዕጣ ካለ ዛሬ እስከ 6,221 ብር ቢከፍል አልተጎዳም፤ ከዚያ በላይ ከከፈለ ግን የችኮላውን ዋጋ ነው የከፈለው።

7 እና ከዚያ በላይ ያገኛችሁ ወደ ቦንድ እንሻገራለን። 4ን እና 7ን ሁለቱንም የሳታችሁ፣ ስንትም አግኙ፣ ሐሙስ ጠዋት መስመሩን በወረቀት ላይ አስምራችሁ ይዛችሁ ኑ።