ውይይት፦ በኤፍ 2 ትውልድ የአጭር ክንፍ ዝንቦች ማነስ

በማዳቀል ሙከራው ሁለተኛ ትውልድ፣ በኤፍ 2፣ ከተቆጠሩት 448 የፍራፍሬ ዝንቦች ረጅም ክንፍና ግራጫ አካል ያላቸው 281፣ ረጅም ክንፍና ጥቁር አካል 89፣ አጭር ክንፍና ግራጫ አካል 62፣ አጭር ክንፍና ጥቁር አካል 16 ናቸው። ሁለቱ ባሕርያት ራሳቸውን ችለው ቢወረሱ በ9፡3፡3፡1 የሚጠበቀው 252፣ 84፣ 84 እና 28 ነበር። የተቆጠረው ከሚጠበቀው ምን ያህል እንደራቀ የሚለካው ካይ ስኩዌር 14.54 ሲሆን፣ በ3 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም ከወሳኙ 7.815 ስለሚበልጥ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ይህ ቁጥር ግን ችግሩ የት እንዳለ አይነግርም። ባሕርያቱ ለየብቻ ሲፈተሹ የአካል ቀለሙ 343 ለ105 ነው፤ ካይ ስኩዌሩ 0.58 ብቻ ስለሆነ ከ3፡1 ጋር ይስማማል። ክንፉ 370 ለ78፣ ካይ ስኩዌሩም 13.76 ነው። ረጅም ክንፍ ያላቸው 370 ከሆኑ አጭሮቹ 123 ገደማ መሆን ነበረባቸው። ስለዚህ መልስ የሚፈልገው የ45ቱ መጥፋት ነው።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጂኖቹ ትስስር ቢሆንም እዚህ አይሠራም። ወላጆቹ አጭር ክንፍ ያላቸው ግራጫ ሴቶችና ረጅም ክንፍ ያላቸው ጥቁር ወንዶች ነበሩ። በወንድ የፍራፍሬ ዝንብ ክሮሲንግ ኦቨር፣ ማለትም በጥንድ ክሮሞሶሞች መካከል የክፍሎች መለዋወጥ፣ ስለማይካሄድ፣ ጂኖቹ በአንድ ክሮሞሶም ላይ ቢሆኑ ኖሮ ሁለቱንም ሪሴሲቭ ባሕርይ የያዘ አንድም ዝንብ ባልተገኘ ነበር፤ የተገኙት 16 ናቸው። የአጭር ክንፍ ጂን በ2ኛው፣ የጥቁር አካል ጂን በ3ኛው ክሮሞሶም ላይ መሆናቸውም ይታወቃል።

ሴቶቹ ድንግል አልነበሩም እንዳይባል፣ 96ቱም የኤፍ 1 ዝንቦች ረጅም ክንፍና ግራጫ አካል ነበራቸው። የኤፍ 1 ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ተቆጥረው ቢሆን ደግሞ የሚያብጠው ረጅም ክንፍ ያላቸው ግራጫዎች ቁጥር ብቻ ነበር፤ በረጅም ክንፎቹ መካከል ያለው 281 ለ89 ግን ከ3፡1 ብዙም አልራቀም።

የሚቀረው አጭር ክንፍ ያላቸው ዝንቦች ለአካለ መጠን የመድረስ ዕድል ማነስ ነው፤ ከተጠባቂው የደረሱት 63 በመቶ ያህል ናቸው። መብረር ስለማይችሉ እርጥብ መኖ ላይ ተጣብቀው ይሞታሉ። መኖው በረጠበበት 4ኛው ብልቃጥ ከ104 ዝንቦች አጭር ክንፍ የነበራቸው 9 ብቻ ናቸው። ተጣብቀው የሞቱትም የአካል ቀለማቸው ስለማይለይ አልተቆጠሩም። ሆኖም ብልቃጡ ሁሉንም አይገልጽም፤ እሱ ቢወጣም በቀሪዎቹ 275 ለ69 ሆኖ ካይ ስኩዌሩ 4.48 ነው፣ በ1 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም ከወሳኙ 3.841 አሁንም ይበልጣል።

የቆጠራው ጊዜም አስተዋጽኦ ሳይኖረው አይቀርም። የኤፍ 1 ወላጆቹ በ7ኛው ቀን ከብልቃጦቹ ወጥተው ቆጠራው በ16ኛው ቀን ቆሟል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ከእንቁላል እስከ ዝንብ 10 ቀን ገደማ ስለሚፈጅ መጨረሻ የተጣሉት እንቁላሎች አልደረሱም፤ ዘግይተው የሚወጡት አጭር ክንፎች ከሆኑ ጉድለቱ ይሰፋል። እስከ 18ኛው ቀን መቁጠር ኤፍ 3 ሳይቀላቀል ይህን ይፈትሻል። ሞቱ በእጭነት ይሁን ከፑፓ ከወጡ በኋላ ለመለየት ግን የእንቁላሉና የባዶ ፑፓው ቁጥር ያስፈልጋል፤ ይህ መረጃ በዚህ ሙከራ አልተሰበሰበም።