ውስብስብ ዓረፍተ ነገርን መፍታት፦ የ10ኛ ክፍል የአማርኛ መልመጃ

እርሳስና ማስመሪያ ያዙ። በስክሪብቶ አትሥሩ፤ መደለዝ አይቀርም።

መጀመሪያ ግሶቹን አስምሩባቸው። በአንድ ግስ ዙሪያ የተሰበሰበውን ክፍል «ሐረግ» እንለዋለን። ቀጥሎ አንዱን ሐረግ ብቻ ለጓደኛችሁ ንገሩት። ነገሩ ካለቀለት ነጻ ነው። «እሺ፣ ከዚያስ?» ብሎ ከጠበቀ ጥገኛ ነው።

ሀ. ዝናቡ ስለበረታ ታክሲ አጣን።
ለ. ዝናቡ በረታ፤ ስለዚህ ታክሲ አጣን።

ሁለቱም የሚያወሩት አንድ ነገር ነው፤ አሠራራቸው ግን ለየቅል ነው። በ«ሀ» ውስጥ «ስለ» ግሱ ላይ ተለጥፎ ጥገኛ አድርጎታል። በ«ለ» ውስጥ «ስለዚህ» ብቻውን ቆሞ ሁለት እኩዮችን አገናኘ። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ ጥገኛ አድራጊው አብዛኛውን ጊዜ ግሱ ውስጥ ይደበቃል፦ ስለበረታ፣ ሲመጣ፣ ብትሄድ፣ እስኪነጋ፣ የገዛሁት። ቅድመ ቅጥያ ሳይኖረውም ጥገኛ የሚሆን አለ፤ «በልቶ ተኛ» ስንል «በልቶ» ብቻውን አይቆምም። ማሰሪያ አንቀጹ «ተኛ» ነው።

አቻ አያያዦቹ እና፣ ግን፣ ወይም፣ ስለዚህ ናቸው። «ግን» ትንሽ አመለኛ ነው፤ «ልጆቹ ግን ቀሩ» ሲባል ሐረጉ መሀል ይገባል።

ሥዕሉ እንዲህ ነው። ነጻው ከላይ፣ ጥገኛው ከሥር፣ አያያዡ በመሀል።

```
ሀ.  (እኛ) | ታክሲ | አጣን
               |
             [ስለ-]
               |
        ዝናቡ | በረታ

ለ.  ዝናቡ | በረታ --[ስለዚህ]-- (እኛ) | ታክሲ | አጣን
```

«እኛ» በቅንፍ የገባው ስላልተጻፈ ነው፤ ግሱ ላይ ያለው «-ን» ይነግረናል።

መልመጃ፦ ግሶቹን አስምሩ፣ አያያዦቹን ክበቡ፣ ከዚያ ሣሉ።

1. ስልኬ ባትሪ ስለጨረሰ አልደወልኩልሽም።
2. አውቶቡሱ ቶሎ መጣ፤ እኛ ግን ዘገየን።
3. አባባ ስለ ዋጋው ጠየቁና ከሱቁ ወጡ።
4. ዳቦ የሚሸጠው ልጅ ሲመጣ ውሻው ይጮኻል፤ ድመቷ ግን ዝም ትላለች።

3ኛው ላይ ተጠንቀቁ። «ስለ» እና «ከ» ስም ላይ ናቸው፤ ስም ላይ ሲሆኑ ጥገኛ ሐረግ አይፈጥሩም። እዚያ ሥራ ያለው «-ና» ብቻ ነው።

4ኛውን እኔው ልሥራላችሁ፤ ባለፈው ዓመት ክፍሉን ሙሉ ያጨቃጨቀ ነው። ግሶቹ አራት ናቸው። «ዝም ትላለች» ሁለት ቃል ቢሆንም አንድ ግስ ነው።

```
ውሻው | ይጮኻል --[ግን]-- ድመቷ | ዝም ትላለች
    |
  [ሲ-]
    |
ልጅ | መጣ
 |
[የሚ-]
 |
ዳቦ | ሸጠ
```

«ዳቦ የሚሸጠው» የተንጠለጠለው «ልጅ» ላይ እንጂ «ይጮኻል» ላይ አይደለም፤ የትኛው ልጅ እንደሆነ ነው የሚነግረን። ስለዚህ ጥገኛው ራሱ ሌላ ጥገኛ አዝሏል።

ከ1 እስከ 3 ያለውን ሠርታችሁ ሰኞ አምጡ። ከጓደኛ መገልበጥ ያስታውቃል፤ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ስህተት አይሥልም።