የቋሚ ቁጥር ዴሪቬቲቭ ለምን ዜሮ ሆነ? የአርቢው ሕግስ ከየት መጣ?

ካልኩለስ የሚጀምር ተማሪ ገና በመግቢያው ሁለት ሕጎች ይሰጡታል። አንደኛው የቋሚ ቁጥር ዴሪቬቲቭ ዜሮ ነው ይላል፤ ሁለተኛው የxⁿ ዴሪቬቲቭ nxⁿ⁻¹ ነው ይላል። ብዙዎች ሸምድደዋቸው ያልፋሉ። እኔ ግን ሁለቱም ከአንድ ጥያቄ የሚፈልቁ ስለሆኑ ጥያቄውን የያዘ ሰው ሕጎቹን ቢረሳ እንኳ ራሱ መልሶ ሊያገኛቸው ይችላል ባይ ነኝ።

ጥያቄው ይህ ነው፦ x በጥቂቱ ሲጨምር f(x) በስንት ይለወጣል? ጭማሪውን h እንበለው። h ትንሽ ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም። የf ለውጥ ለx ለውጥ ሲካፈል የሚከተለውን እናገኛለን፦

(f(x+h) − f(x)) / h

h ወደ ዜሮ እየቀረበ ሲሄድ ይህ ክፍልፋይ የሚጠጋው ቁጥር ዴሪቬቲቭ ይባላል፤ f′(x) ተብሎም ይጻፋል።

አሁን f(x) = 7 ይሁን። x ምንም ይሁን ምን መልሱ 7 ነው። ስለዚህ f(x+h) ራሱ 7 ነው፤ ላዕሉም 7 − 7 = 0 ይሆናል። ዜሮ ለh ሲካፈል ዜሮ ነው። እዚህ ላይ “0/0 አልሆነም ወይ?” ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አለ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። አልሆነም፤ ምክንያቱም h ወደ ዜሮ ይቀርባል እንጂ ዜሮ ሆኖ አያውቅም። h 0.1 ቢሆን፣ 0.001 ቢሆን፣ ክፍልፋዩ ሁልጊዜ በትክክል ዜሮ ነው። በግራፍ ሲታይም የf(x) = 7 መስመር አግድም የተዘረጋ ነው፤ አይወጣም፣ አይወርድም።

ልብ በሉ፦ ዜሮ የሆነው የቁጥሩ ዋጋ ሳይሆን ለውጡ ነው። አንድ ሚሊዮንም ቢሆን የማይለወጥ ከሆነ ዴሪቬቲቩ ዜሮ ነው። በዚሁ ምክንያት የ3² ዴሪቬቲቭ 6 አይደለም። 3² ማለት 9 ነው፤ 9 ደግሞ ቋሚ ነው። ከላይ አርቢ ስላየን ብቻ የአርቢውን ሕግ መጠቀም የለብንም፤ መጀመሪያ የሚለወጠው ነገር የቱ እንደሆነ እንይ።

ወደ x² እንሂድ። ጎኑ x የሆነ ካሬ በወረቀት ላይ ሳሉ፤ ስፋቱ x² ነው። እያንዳንዱን ጎን በh አስረዝሙት። የተጨመረው ስፋት ምን ምን አለው? በአንድ ጎን ርዝመቱ x፣ ወርዱ h የሆነ ቀጭን ሰቅ፤ በሌላው ጎን ልክ እንደሱ ያለ ሰቅ፤ ጥግ ላይ ደግሞ h በh የሆነች ትንሽ ካሬ። ጠቅላላ ጭማሪው 2xh + h² ነው። ለh ስናካፍለው 2x + h ይቀራል። h ወደ ዜሮ ሲጠጋ ይህ ወደ 2x ይጠጋል። ያ 2 እንግዲህ ከሁለቱ ሰቆች የመጣ ነው።

በቁጥር እንፈትሸው። x = 5፣ h = 0.01 ሲሆን 5.01² = 25.1001 ነው። ጭማሪው 0.1001 ሲሆን ለ0.01 ሲካፈል 10.01 ይሰጣል። h = 0.001 ሲሆን 10.001 ይደርሳል። መድረሻው 10 ነው፤ 2 × 5 ማለት ነው።

ለማንኛውም አዎንታዊ ሙሉ ቁጥር nም ነገሩ ያው ነው። (x+h)ⁿ ማለት (x+h) n ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው። ቅንፎቹን ስናባዛ ከእያንዳንዱ ቅንፍ ወይ xን ወይ hን እንመርጣለን። ከሁሉም xን ብንመርጥ xⁿ ይመጣል፤ እሱ ግን f(x) ሲቀነስ ይጠፋል። ከአንድ ቅንፍ ብቻ hን፣ ከቀሩት xን ብንመርጥ xⁿ⁻¹h ይመጣል። ያ አንድ ቅንፍ ከn ቅንፎች ማንኛውም ሊሆን ስለሚችል ይህ n ጊዜ ይደጋገማል፤ ድምሩም nxⁿ⁻¹h ነው። የቀሩት ሁሉ ቢያንስ ሁለት h አለባቸው። ለh ካካፈልን በኋላ እንኳ h ስለሚቀርባቸው አብረውት ወደ ዜሮ ይሄዳሉ። የሚተርፈው nxⁿ⁻¹ ብቻ ነው። አርቢው ወደ ፊት ወርዶ አባዢ የሚሆነው፣ በራሱም ላይ በአንድ የሚቀንሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ ቅንፍ xን ትቶ hን ስለሰጠ።

x³ን በx = 2 ሞክሩት። 2.01³ = 8.120601 ነው፤ 8 ተቀንሶ ለ0.01 ሲካፈል 12.0601 ይመጣል። ሕጉ 3 × 2² = 12 ይላል። ትርፉ 0.0601 ሁለት እና ሦስት h ከነበራቸው ክፍሎች የመጣ ነው፤ h ሲያንስ እሱም ያንሳል።

በx ፊት ያለ አባዢ ለውጡን ስለሚያባዛ ባለበት ይቆያል፤ የሚደመሩና የሚቀነሱ ክፍሎችም እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይሠራሉ። ስለዚህ f(x) = 4x⁵ − 6x² + 9 ከሆነ f′(x) = 20x⁴ − 12x ነው፤ 9 ቋሚ ስለሆነ ምንም አላዋጣም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ 2ˣ ላይ ይህን ሕግ አትጠቀሙ። እዚያ የሚለወጠው አርቢው ራሱ ስለሆነ የምንቆጥራቸው n ቅንፎች የሉም፤ ሌላ ሕግ ይፈልጋል።