በሁለቱም ቤተሰቦቻችን ፈቃድና ምርቃት ተጫጭተናል

ውድ ቤተዘመዶቻችን፣ ወዳጆቻችን፣ አብሮ አደጎቻችን፣ የሥራ ባልደረቦቻችን፤

ሰላማዊትና ናትናኤል ነን። በፈጣሪ ፈቃድ ቀለበት አስረናል። የሁለታችንም ቤተሰቦች በአንድ ቤት ተቀምጠው ተዋውቀዋል፣ በሰፊው ተጨዋውተዋል፣ በመጨረሻም ሁለታችንንም አስነሥተው መርቀውናል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ደስታችን የሁለታችን ብቻ ሳይሆን የሁለት ቤት ደስታ ሆኗል። ዛሬ ለእናንተም የምናካፍለው ቤተሰቦቻችን «አሁን ለወዳጆቻችሁ ንገሩ» ስላሉን ነው።

ይህን ጽሑፍ ከማውጣታችን በፊት ለሁለቱም ወገን ወላጆች አንብበንላቸዋል። ቃል ያስተካከሉበት ቦታ አለ፣ «ይህስ ለእኛ ይቅርልን» ያሉትም አለ። እንዳሉት አድርገናል። የቤተሰቦቻችንን ስም፣ የሥራቸውን ሁኔታና የሚኖሩበትን ቦታ እዚህ ያልጻፍነውም በዚሁ ምክንያት ነው። የምታውቋቸው ታውቋቸዋላችሁ፤ የማታውቋቸው ደግሞ፣ ፈጣሪ ቢፈቅድ፣ በሠርጉ ቀን በአካል ታውቋቸዋላችሁ።

ከዚህ ቀጥሎ አንዳችን ለሌላችን ቤተሰብ የምንለው አለን። ሰላማዊት ለናትናኤል ቤት፣ ናትናኤል ለሰላማዊት ቤት እንጽፍ ብለን የተስማማነው፣ የራስን ወላጅ ማመስገን ለማንም ቀላል ስለሆነ ነው።

ከሰላማዊት፣ ለናትናኤል ቤተሰብ

እማዬ፣ መጀመሪያ ወደ ቤትዎ ስመጣ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «ልጄ» ብለው ጠሩኝ፤ ከዚያም ቀን ወዲህ በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም። ልጆችዎን ለብቻዎ ያሳደጉበትን ዘመን እኔ በዓይኔ አላየሁትም። ፍሬውን ግን በየዕለቱ አየዋለሁ። ናትናኤል ሲናደድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገረው፣ ቃል የገባውን ሳይፈጽም እንቅልፍ የማይወስደው፣ ከእሱ የሚያንስ ሰው ሲያናግር ከመቀመጫው የሚነሣው ከእርስዎ ተምሮ ነው። እኔ ያገኘሁት ሰው የእርስዎ የብዙ ዓመት ድካም መሆኑን አውቃለሁ፣ እንደዚያም አድርጌ እይዘዋለሁ።

የናትናኤል አባት ዛሬ በመካከላችን የሉም። ላውቃቸው አልታደልኩም፤ ነገር ግን በቤታቸው ስማቸው ሳይነሣ የሚያልፍ ማዕድ ስለሌለ፣ ድምፃቸውን የሰማሁ ያህል ይሰማኛል። በምርቃቱ ጊዜ ስማቸው ቀድሞ እንዲጠራ የጠየቀው የእኔ አባት ነው። ይህን የጻፍኩት ከናትናኤል እናት ፈቃድ ጠይቄ ነው፣ ምክንያቱም በዚያ ቤት ለነበርን ሁሉ ከዕለቱ ንግግር ሁሉ የከበደችው ያቺ ጥያቄ ነበረች።

ጋሼ፣ በወንድምዎ ቦታ ተቀምጠው ስለናትናኤል የተናገሩት ቃል ለእኔም ቃል ኪዳን ነው። ለእህቶቹም ምስጋናዬ ብዙ ነው። ወንድማቸውን ከእኔ ጋር መካፈል እንደሚያሳስባቸው አውቃለሁ፣ ግን አንድ ቀን እንኳ አላስጨነቁኝም። እኔ ወንድማችሁን ልወስድባችሁ አልመጣሁም። እህት ልሆናችሁ ነው የመጣሁት።

ከናትናኤል፣ ለሰላማዊት ቤተሰብ

አባባ፣ ልጅዎን ለማግባት ፈቃድ ልጠይቅ ስመጣ ስለ ገቢዬ፣ ስለ ሥራዬና ስለ ዕቅዴ ብዙ ተዘጋጅቼ ነበር። እርስዎ ግን የጠየቁኝ «ለእናትህ በየስንት ቀኑ ትደውልላታለህ?» ብለው ነው። መልሴን ሰምተው ዝም አሉ፤ ቀጥሎ «ልጄን እንደዚያው ጠይቃት» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ የተነጋገርነውን እዚህ አልጽፈውም፣ የአባትና የልጅ ንግግር ነውና። ይህቺን አንዷን የጻፍኳት፣ ሰላማዊት ለምን ሰውን በኪሱ እንደማትመዝን ለሚጠይቁኝ መልስ ስለሆነች ነው።

የሰላማዊት እናት፣ የእርስዎ ቤት ውስጥ እንግዳ ሆኜ የተቀመጥኩበት ጊዜ አጭር ነበር። ወዲያው ሥራ ሰጡኝ፣ ሳጠፋ ገሠጹኝ፣ ሲመሽ «ደርሰሃል ወይ?» ብለው ደወሉ። እንደ ልጅ ከመቆጠር የሚበልጥ ክብር አላውቅም። አያታችንም «ተከባበሩ፣ ሌላው ይደርሳል» ብለው የመረቁንን ምርቃት ይዘነዋል። ወንድሟ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ምሥጢራችንን ጠብቆ፣ ለእኔም ለእሷም እውነቱን እየነገረ እዚህ አድርሶናል። ባለውለታችን ነው።

አሁን ደግሞ ሁለታችን

የራሳችን የምንለው ጥቂት ቀርቶናል። ብዙዎቻችሁ ቸር ወሬ ስትሰሙ ዝርዝሩን ማወቅ እንደምትፈልጉ እናውቃለን፤ ጥያቄያችሁ ከፍቅር እንደሆነም አንጠራጠርም። እንዴት እንደተዋወቅን፣ ጥያቄው የትና እንዴት እንደቀረበ፣ ምን እንደተባባልን ግን ለሁለታችን አስቀርተነዋል። ቅርባችን ያላችሁ በጨዋታ መሀል ትሰሙት ይሆናል። እዚህ ላይ ግን አይጻፍም።

ከጽሑፉ ጋር ያወጣነው ፎቶ አንድ ነው፣ ያለነውም ሁለታችን ብቻ ነን። የቤተሰብ ፎቶዎች አሉን፣ የሚያምሩም ናቸው፤ ለቤተሰብ ብቻ ተልከዋል። ከወላጆቻችን መካከል ማኅበራዊ ሚዲያ ጨርሶ የማይጠቀሙ አሉ። የማያውቁት ሰው ፊታቸውን እንዲያይ አልፈቀዱም፣ እኛም በእነሱ ፈንታ ልንፈቅድ አንችልም። አዛውንት ሲመርቁ የሚያነቡት ዕንባ ለተመረቀው ነው እንጂ ለተመልካች አይደለም። ሕፃናቱም አድገው ራሳቸው እስኪወስኑ ድረስ ምስላቸው በእኛ እጅ ይቆይ።

ስለዚህ በዕለቱ አብራችሁን የነበራችሁና ፎቶ ወይም ቪዲዮ ያነሣችሁ ወገኖቻችን፣ በፌስቡክም ሆነ በቴሌግራም፣ በኢንስታግራምም ሆነ በቲክቶክ እንዳታወጡብን በአክብሮት እንለምናችኋለን። ለእኛ ብትልኩልን ግን ደስታችን ነው፤ እኛ ያላየነውን እናንተ አይታችኋል። ወላጆቻችንንና እህት ወንድሞቻችንንም በዚህ ጽሑፍ ሥር ታግ አታድርጉብን፤ ስማቸው ከእኛ ስም ጋር ተያይዞ እንዲዞር አልፈለጉም።

የሠርጉ ቀን ገና አልተቆረጠም። ሲቆረጥም መጀመሪያ የሚታወቀው በሁለቱም ቤተሰቦች ዘንድ፣ በእኩል ሰዓት ነው። ይህን በተለይ የምናነሣው በግምት የተነገረ ቀን ስንት ቤት እንደሚያስቀይም ስለምናውቅ ነው። አንደኛው ወገን ከሰው አፍ ሲሰማ፣ ሌላው ወገን ቀድሞ ያወቀ ይመስለዋል፣ ማንም ሳያጠፋ ቅሬታ ይገባል። እባካችሁ እናቶቻችንን «መቼ ነው? የት ነው? ስንት ሰው ይጠራል?» ብላችሁ አታስጨንቋቸው። እነሱም ገና አያውቁም፣ ቢያውቁም ሁለቱም ተመካክረው ካልሆነ አይናገሩም። ጥሪው ሲደርስ በስልክ ወይም በካርድ፣ በስማችሁ ይመጣላችኋል። እዚህ ላይ በጅምላ አንጠራም፤ የምንጠራውን ሰው በስሙ መጥራት እንወዳለን።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ እንበል። ለዚህ ዝግጅት ከማንም ገንዘብ አንሰበስብም። በእኛ ስም፣ በፎቶአችን ወይም በወላጆቻችን ስም ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ከደረሳችሁ እኛ አይደለንም። ምንም ሳትልኩ ለአንዳችን ደውሉልን።

ምርቃታችሁን ግን አትንፈጉን። ይህን ከልባችን እንለምናለን። ስትመርቁን ሁለቱን ቤቶች አንድ ላይ መርቁልን። «እሷ ታድላ»፣ «እሱ ዕድለኛ» የሚለው ቃል በቅን ልብ እንደሚባል እናውቃለን። ሆኖም አንደኛው ቤት ሰጪ፣ ሌላው ተቀባይ ሆኖ እንዲታይ አንሻም። ሁለቱም ልጅ ሰጥተዋል፣ ሁለቱም ልጅ ተቀብለዋል። ለወላጆቻችን «እንኳን ደስ አላችሁ» ማለት የምትፈልጉና ስልካቸው ያላችሁ፣ ብትደውሉላቸው ከየትኛውም ጽሑፍ በላይ ደስ ይላቸዋል። ለአንደኛው ቤት የደወላችሁ፣ ሌላውንም የምታውቁት ከሆነ፣ እሱንም አትርሱት።

ታላላቆቻችን ዜናውን ከዚህ ቀድመው ከአፋችን እንዲሰሙ ቤት ለቤት እየዞርን፣ ሩቅ ላሉት እየደወልን ነግረናቸዋል። ስልካችሁ ተቀይሮ ወይም ባሕር ማዶ ሆናችሁ ሰዓቱ አልገጥም ብሎን እዚህ የምታነቡት ቅርቦቻችን ካላችሁ፣ ቁጥራችሁን ላኩልን። ድምፃችሁን መስማት እንፈልጋለን።

በዚህ ሰሞን ሐዘን ላይ ያላችሁ፣ ሕመምተኛ የምታስታምሙ፣ በራሳችሁ ጉዳይ ልባችሁ የተያዘ ወዳጆቻችንም አላችሁ። ከእናንተ መልስ አንጠብቅም። እንደምታስቡን እናውቃለን፣ እኛም እናስባችኋለን።

ለተመላለሱልን፣ ለመከሩን፣ ምሥጢር ለጠበቁልን ጓደኞቻችን ሁሉ፤ ስማችሁን ያልዘረዘርነው አንዱ ይቀርብናል ብለን ፈርተን ነው። ለእያንዳንዳችሁ በየግላችሁ እንጽፍላችኋለን።

ለመልእክቶቻችሁ ወዲያው ባንመልስ ቅር አይበላችሁ። የሚመጡትን ቀናት ስልካችንን አስቀምጠን ከቤተሰቦቻችን ጋር ልናሳልፍ ነው፤ ስንመለስ አንድ በአንድ እናነባቸዋለን።

በአክብሮትና በፍቅር፣
ሰላማዊትና ናትናኤል
ከሁለቱም ቤተሰቦቻቸው ጋር